መለኪያው፣ ጃምቦውና ያልመጣው ልጅ

ኮልፌ አጠና ተራ በማለዳ ለሚገባ ሰው ቀድሞ የሚቀበለው የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። አጠና የሚጭኑና የሚያወርዱ ወንዶች ፀሐይ ሳትወጣ ይሰበሰባሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከመንገዱ ዳር ወዳለች ጠባብ ቤት ጎራ የሚሉ አሉ። አንዲት እናት ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ፣ ከጠርሙስ ወደ መለኪያ አረቄ ትቀዳለች። ቆመው ይጨልጧታል፣ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ይፈታሉ፣ ሳንቲሙን አስቀምጠው ይወጣሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰፈሩ ይህን መጠጣት አይለውም። "ብርድ ማባረሪያ" ነው፤ ጠጪ የሚባለው ማታ መንገድ ላይ የሚወድቀው ሰው ነው።

በዚያው ሰፈር ሌላም ወሬ ይሰማል። "እገሌ ካገባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ልጅ አልሰጠውም" ይባላል። ስለ ሚስቱ ሲወራ ግን ቃሉ ይለወጣል፤ "መካን ናት" ይባላል። ባልየው አልተሰጠውም፣ ሚስትየው ግን ናት። ለወንዱ ዕድል፣ ለሴቷ ማንነት ይሆናል። ከዚያ በኋላ እሷ ጠበል ትሄዳለች፣ እሷ ክሊኒክ ትመላለሳለች፣ ማህፀኗ ይታያል፣ ደሟ ይመረመራል። እሱ ደግሞ ማታ ጃምቦውን ይዞ ሐዘኑን ለጓደኞቹ ያወራል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ እነዚህን ሁለት ወሬዎች ያገናኛል። ብዙ መጠጣት የወንድንና የሴትን የመውለድ አቅም በምን መንገድ ይነካል? ምን ያህል ሲጠጣ? ከተነካ በኋላስ ይመለሳል?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ልጅ አለመውለድ ሁሉ የመጠጥ ጣጣ አይደለም። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚቸገሩት ሳይታከም በቆየ ኢንፌክሽን ምክንያት የማህፀን ቱቦ ተዘግቶባቸው ነው። ምንም ሳይጠጣ የዘር ፈሳሹ ባዶ የሆነ ወንድም አለ። ሙሉ ዕድሜውን ጠጥቶ ስድስት ልጅ ያሳደገ ጎረቤት ደግሞ የማያውቅ የለም። መጠጥ በሩን ብቻውን የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ይበልጡን ግን ሌላ ችግር ያጠበበውን በር ይበልጥ ያጠባል። ከሌሎቹ ምክንያቶች የሚለየው ያለ ቢላና ያለ ውድ መድኃኒት ሊነሳ መቻሉ ነው።

እስቲ መጀመሪያ እንቁጠር። "ብዙ ጠጣሁ" የሚለው ቃል ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው፤ ጉበትና የዘር ፍሬ ግን የሚያውቁት ግራም ብቻ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። የመጠጡን መጠን በሚሊ ሊትር ወስዶ በአልኮል መቶኛው ማባዛት፣ ከዚያ በ0.79 ማባዛት ነው፤ አልኮል ከውሃ ቀለል ስለሚል። አርባ ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ ውስጥ 40 በመቶ የሆነ አረቄ ቢኖር 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይገኛል። ግማሽ ሊትር ገደማ የሚይዝ ጃምቦ ድራፍት፣ 5 በመቶ ከሆነ፣ 20 ግራም ይጠጋል። ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ጠጅ 10 በመቶ ቢሆን 24 ግራም ነው። የቤት መጠጥ ግን እንደ ፋብሪካ ጠርሙስ ቁጥር አልተለጠፈበትም። የአንዷ ጠላ ቀለል ያለ ነው፣ የጎረቤቷ ራስ ያዞራል። ዳግም የወጣ አረቄ ደግሞ ከመጀመሪያው ብዙ ይከብዳል። ስለዚህ ከቤት መጠጥ የሚገኝ ማንኛውም ቁጥር ግምት መሆኑ አይረሳ።

አሁን አንድ ሰው እናስብ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት አንድ መለኪያ፣ ከሥራ መልስ ሁለት ጃምቦ። እሑድ ከወዳጆቹ ጋር ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርሌ ሦስት ጠጅ። ሰክሮ የታየበት ቀን የለም፣ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። በሳምንት የጠጣው ሲደመር 385 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይመጣል። ዴንማርኮች አንድ መጠጥ የሚሉት 12 ግራም የያዘውን ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ይህ ሰው በሳምንት 32 መጠጥ ጠጥቷል። ሐኪም "ትጠጣለህ?" ሲለው "አልፎ አልፎ፣ ለጨዋታ ያህል" ብሎ ይመልሳል። አይዋሽም፤ በሰፈሩ ሚዛን እውነቱን ነው።

የዴንማርክን መስፈሪያ ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ለወታደራዊ አገልግሎት ምርመራ ከቀረቡ የዴንማርክ ወጣቶች መካከል 1,221 የሚሆኑት ባለፈው ሳምንት የጠጡትን ቀን በቀን ተጠይቀው የዘር ፈሳሽና ደም ሰጡ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 28 ነበር። ውጤቱ በ2014 ሲታተም ይህን አሳየ፤ በተለምዶ ብዙ የሚጠጡት ወጣቶች የስፐርም ቁጥራቸውም፣ ቅርጹ የተስተካከለው ስፐርም ድርሻም ዝቅ ያለ ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በሳምንት ከ25 መጠጥ በላይ በሚወስዱት ላይ ነው። ከአርባ በላይ የሚጠጡት ከአንድ እስከ አምስት ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ የስፐርም ክምችታቸው በሲሶ ያህል ያንሳል። ያሰብነው ሰው በ32 ላይ ነው።

ይህን ጥናት ሳነብ ያቆመኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ሳምንት ብዙ የጠጡት ወጣቶች በደማቸው ነጻ ሆኖ የሚዘዋወረው ቴስቶስትሮን ዝቅ አላለም፤ እንዲያውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ቴስቶስትሮን የወንድነት ሆርሞን የሚባለው ነው። መጠጥ ያጠፋዋል እየተባለ ከፍ ማለቱ ግራ ያጋባል። መልሱ ጊዜ ላይ ነው። ሳምንት ሌላ፣ ወር ሌላ፣ ዓመታት ሌላ ናቸው። በዚህ ጉዳይ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ የሚመስሉ ብዙ ጥናቶች የተለያየ የጊዜ ርዝመት ስለሚለኩ ነው የሚጣሉት።

የወሩን ነገር በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ የአሜሪካ ሥራ ነው። ጎርደን፣ ሊበርና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ ወንዶችን በፈቃደኝነት ሆስፒታል አስቀምጠው እስከ አራት ሳምንት አልኮል ሰጧቸው። ምግባቸው የተሟላ ነበር፣ ጉበታቸው ጤነኛ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቴስቶስትሮናቸው ወረደ፣ ሰውነታቸው የሚያመርተውም ቀነሰ። ከዚያ በፊት የጠጪ ወንዶች ሆርሞን መዛባት የጉበት በሽታ ውጤት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህ ሥራ ጉበት ሳይታመም፣ ረሃብም ሳይኖር፣ አልኮል ራሱ እንደሚያደርገው አሳየ።

እንዴት? የወንድ የዘር ፍሬ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ስፐርም ማምረት፣ ሁለተኛው ቴስቶስትሮን ማምረት ነው። ሁለቱም ትእዛዝ የሚቀበሉት ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ እጢ ነው። አልኮል ሁለቱንም ጫፍ ይይዛል። ከላይ ትእዛዙን ያደክማል፤ ቴስቶስትሮን ሲወርድ እጢዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጣራት ሲገባት ዝም ትላለች ወይም ትዘገያለች። ከታች ደግሞ የዘር ፍሬው ቴስቶስትሮን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ረዳት ንጥረ ነገር አልኮሉን ለማቃጠል ያውለዋል። አንድ ምድጃ፣ አንድ እንጨት፤ ወጡም ውሃውም በአንድ ጊዜ አይፈላም።

ሦስተኛው መንገድ የበለጠ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዴቪድ ቫን ቲልና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በዘር ፍሬ ውስጥ ያለ አልኮልን የሚያፈርስ ኢንዛይም ቫይታሚን ኤን ወደሚሠራበት መልክ ይለውጣል። ስፐርም ያለ ቫይታሚን ኤ አይበስልም። አልኮሉ በደም ውስጥ ሲኖር ኢንዛይሙ ወደ እሱ ይዞራል፣ ቫይታሚን ኤው ተራውን ይጠብቃል። ጎመንና ካሮት እየበሉ በየቀኑ ለሚጠጡ ሰዎች ይህ ግልጽ መልስ ይሰጣል፤ ቫይታሚኑ ሆድ ውስጥ ቢገባም የሚፈለግበት ቦታ ላይ ሥራ ላይ አይውልም።

ይህ ዓመታት ከቀጠለ የሚሆነውን የፊንላንድ የአስከሬን ምርመራ ሐኪሞች አይተውታል። ካርሁኔንና ፓያሪኔን በ1990ዎቹ በድንገት የሞቱ ወንዶችን የዘር ፍሬ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ ብዙ በጠጡት ላይ የስፐርም ምርት በግማሽ መንገድ ቆሞ፣ በአንዳንዶቹም የስፐርም እናት ሴሎች ጭራሽ ጠፍተው አገኙ። ጉበት ሲደድር ደግሞ ሁኔታው በውጭም ይታያል። የደከመ ጉበት ኤስትሮጅንን በሚገባ አያስወግድም፣ ሰውነትም ከወንድ ሆርሞን ኤስትሮጅን መሥራቱን ያበዛል። ጢም ይሳሳል፣ ጡት ያብጣል፣ መዳፍ ይቀላል፣ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል። በዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ስለ ልጅ ከማሰቡ በፊት ስለ ሕይወቱ ማሰብ አለበት።

ስንፈተ ወሲብንም ብዙ ወንዶች ከዕድሜ ወይም ከጭንቀት ይቆጥሩታል። ጥቂት ሲጠጣ ድፍረት ይመጣል፣ ፍላጎትም የተነሳ ይመስላል። ብዙ ሲጠጣ ነርቩ ይደነዝዛል፣ ሰውነቱ አይታዘዝም። ይህ የአንድ ሌሊት ነገር ከሆነ ያልፋል። ዓመታት ሲጠጣ ግን ሆርሞኑም ነርቩም ስለሚጎዱ በጾም ሆድ፣ ምንም ሳይጠጣም ይመጣል። ልጅ የሚፈልግ ቤት ውስጥ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ የስፐርሙ ቁጥር ምንም ቢሆን መገናኘቱ ራሱ ስለሚቀንስ።

አሁን ወደ ሴቷ እንምጣ። በኮልፌም ሆነ በሌላ የአዲስ አበባ ሰፈር ጠላውን የምትጠምቀው፣ አረቄውን የምታወጣው ሴት ናት። ጌሾውን ትወቅጣለች፣ አሻሮውን ትቆላለች፣ ሲወጣ ጥንካሬውን በአፏ ትለካለች። ቀማሿ እሷ ናት፣ የሚቆጥርላት ግን የለም፤ መጠጣት ተብሎ ስለማይቆጠር እሷም አትቆጥረውም። በአንጻሩ በቤቴል፣ በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች አካባቢ ከቢሮ መልስ ቢራ የሚጠጡ ወጣት ሴቶች ቁጥር እየበዛ ነው። ሁለቱም ከወንዱ ጋር እኩል ቢጠጡ እኩል አይነካቸውም። የሴት ሰውነት በአማካይ ያነሰ ውሃ ስላለው ያው መጠን በደሟ ውስጥ ይበልጥ ይጠነክራል።

ሴት ላይ ሆርሞኑ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሴቶች ሲጠጡ የቴስቶስትሮን መጠናቸው ከፍ እንደሚል አሳዩ፤ ብዙ በሚጠጡ ወንዶች ላይ ከሚታየው ጋር ተቃራኒ ነው። ኤስትሮጅኗም ለጥቂት ሰዓታት ሊነሳ ይችላል፤ አልኮሉን በማቃጠል የተጠመደው ጉበት ኤስትሮጅኑን ወደ ደከመው መልኩ መለወጡን ስለሚያዘገይ። አንድ ቀን ከሆነ ይህ ይረጋጋል። በየቀኑ ሲሆን ግን የወር አበባ ሥርዓቱ በሙሉ የተሠራው በዝቅታና በከፍታ ምልክት ላይ ስለሆነ ምልክቱ ይደበላለቃል። ኤስትሮጅን በጊዜው ዝቅ ሳይል፣ በጊዜው ከፍ ሳይል እንቁላሏ የምትወጣበት ሰዓት ይሳታል።

ይህን በቅርብ የተመለከቱት አሜሪካውያኑ ጃክ ሜንደልሰንና ናንሲ ሜሎ ናቸው። በ1980ዎቹ ጤነኛ ሴቶችን ለሳምንታት ሆስፒታል ውስጥ አስቀምጠው፣ የፈለጉትን ያህል እንዲጠጡ ፈቅደው፣ ደማቸውን በየጊዜው ለኩ። ብዙ ከጠጡት አብዛኞቹ የወር አበባ ዑደታቸው ተዛባ። በአንዳንዶቹ እንቁላል ሳይወጣ ወሩ አለፈ። በሌሎቹ እንቁላል ቢወጣም ቀጥሎ ማህፀኑን ለፅንስ የሚያዘጋጀው ፕሮጄስትሮን ዝቅ ብሎ ቀረ። ፕሮላክቲን የሚባለው የጡት ወተት ሆርሞንም ያለ ቦታው የተነሳባቸው ነበሩ፤ እሱ ሲነሳ እንቁላል ይታገዳል። ልብ መባል ያለበት፣ ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ የወር አበባቸው እየመጣ ነበር። ደም መምጣቱ እንቁላል ወጥቷል ማለት አይደለም። "የወር አበባዬ ትክክል ነው፣ እኔ ላይ ምንም የለም" ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው።

መጠኑ ላይ ግን ሊቃውንቱ ተከራክረዋል፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጀመሪያ ልጅ የሚሞክሩ 430 የዴንማርክ ባልና ሚስቶችን የተከታተለ ጥናት፣ ሴቷ በሳምንት እስከ አምስት መጠጥ ብቻ ብትጠጣ እንኳ የማርገዝ ዕድሏ ዝቅ እንደሚል ዘገበ። በ2016 ደግሞ ከ6,000 በላይ ሴቶችን የያዘ ሌላ የዴንማርክ ሥራ ወጣ። በዚህኛው ከ14 መጠጥ በታች የሚጠጡት ከማይጠጡት ብዙም አልተለዩም፤ 14ና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ግን በየወሩ የማርገዝ ዕድላቸው 18 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የወሩን ክፍል ለየ። 413 ሴቶችን ተከታትሎ፣ እንቁላል በሚወጣበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ብዙ የሚጠጡት ይበልጥ እንደሚቸገሩ አገኘ።

እኔ ከሦስቱ የማነበው እንዲህ ነው። ስለ አንድና ሁለት ቢራ የሚደረገው ክርክር ገና አላለቀም፣ በአንድ ብርጭቆ ሴትን መወንጀል ሳይንሱ አይፈቅድም። ስለ ብዙ መጠጣት ግን ክርክር የለም፤ ከሦስቱ አንዱም ብዙ መጠጣት አይጎዳም አላለም። ቀሪው ጥያቄ ጊዜው ነው። ልጅ የምትሞክር ሴት ማርገዟን የምታውቀው የወር አበባዋ ሲቀርባት ነው፤ በዚያን ጊዜ ፅንሱ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በእርግዝና ጊዜ ጉዳት የለውም ተብሎ የታወቀ የአልኮል መጠን የለም። ስለዚህ የ2021 ጥናት የለየው ጊዜ እና የፅንሱ የመጀመሪያ ቀናት አንድ ላይ ይወድቃሉ። ማቆም ያለባት ካረገዘች በኋላ ሳይሆን መሞከር ስትጀምር ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የሁለቱ መጠጥ ሲደመርስ? በሰው ሠራሽ መንገድ ለማርገዝ የሞከሩ ከ2,500 በላይ አሜሪካውያን ባልና ሚስቶችን የያዘ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነበር። ሁለቱም በሳምንት አራትና ከዚያ በላይ መጠጥ የሚወስዱበት ቤት በሕይወት የሚወለድ ልጅ የማግኘት ዕድሉ ዝቅ ያለ ነበር። አራት መጠጥ ያሰብነው ሰው የአንድ ቀን ተኩል ድርሻ አይሞላም።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ ልማድ አለ። ከሰዓት በኋላ ጫት የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ ይጠጣል፤ ጨብሲ ይባላል። እንቅልፍ ስለማይመጣለት የሚጠጣው በዛ ያለና በፍጥነት ነው፣ ሲጋራውም አብሮ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሰው የስፐርም ውጤቱ ዝቅ ሲል የመጠጡን ድርሻ ከጫቱና ከሲጋራው ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ለእሱ የሚጠቅመው ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማየት ነው፤ ጫቱን ሳይተው መጠጡን ብቻ ለመተው የሚሞክር ሰው ማታ ያው ችግር ይመለስበታል።

ይመለሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከቁጥር ይልቅ አንድ ሰው ይበልጥ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ሐኪሞች ልጅ ለመውለድ የመጣ አንድ ወንድ ጉዳይ አሳተሙ። ለዓመታት ተከታትለውት ነበር። በመጀመሪያ ስፐርሙ ያነሰ፣ እንቅስቃሴው የደከመ፣ ቅርጹ የተበላሸ ነበር። ቆይቶ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ስፐርም በጭንቅ የሚገኝ ሆነ፤ በመጨረሻም ጭራሽ ጠፋ። ከዘር ፍሬው ናሙና ሲወሰድ የምርቱ ሂደት በመሃል ቆሞ ተገኘ። ለብዙ ሐኪም ይህ የመጨረሻው ፍርድ ነው። ሰውየው ብዙ እንደሚጠጣ ታወቀና መጠጡን ተወ። ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የስፐርሙ ምርመራ በሁሉም መስፈርት ጤነኛ ሆኖ መጣ። ሐኪሞቹ ለውጡን ያያያዙት መጠጡን ከመተዉ ጋር ነው። ሁሉም ሰው እንደዚህ አይሆንም፤ ጉበቱ የደደረ ወይም የዘር ፍሬው የሟሸሸ ሰው ላይ እንዲህ ያለ መመለስ አይጠበቅም። ግን "ስፐርም የለም" በሚል የምርመራ ወረቀት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ተስፋ መቁረጥ ስህተት እንደሆነ ያሳያል።

ሦስት ወር የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? አንድ ስፐርም ከእናት ሴሉ ተነስቶ እስኪበስል 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ከዘር ፍሬው ጀርባ ባለው ረጅም ቱቦ ውስጥ እያለፈ መዋኘት እስኪችል ሁለት ሳምንት ያህል ይጨምራል። ዛሬ የሚመረመረው የዘር ፈሳሽ የዛሬውን ሰው አያሳይም፤ የሦስት ወር በፊቱን ሰው ያሳያል። የሴቷም እንቁላል ለመውጣት ስትዘጋጅ የመጨረሻዎቹን ወራት የምታድገው በዚያው የሆርሞን አየር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጊዜው ለሁለቱም በቅርብ ይገጣጠማል።

አሁን ወደ ክሊኒኩ። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አዘውትረው ተገናኝተው 12 ወር ካለፈ፣ ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን መቅረብ አለባቸው። የመጀመሪያው ምርመራ የወንዱ ቢሆን ብዙ ጊዜና ብዙ እንባ ይተርፋል፤ ርካሽ ነው፣ አያምም። የዘር ፈሳሹ ከመሰጠቱ በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል፤ ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው የጤነኛ መስመር በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን፣ ከእነሱም 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ አንድ ውጤት ብቻ አይበቃም፣ ይደገማል። ቴስቶስትሮን የሚለካው በጠዋት ነው፤ የማታው ቢራ ገና ያልወጣለት ሰው ጠዋት ደም ቢሰጥ ውጤቱ ያሳስታል። የሴቷ እንቁላል መውጣቱ የሚታወቀው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ ሰባት ቀን ሲቀረው በሚለካ ፕሮጄስትሮን ነው። ሁለቱም ስለ መጠጥ ሲጠየቁ በየቀኑ ያለውን፣ የጠዋቷን መለኪያ ጨምረው፣ የቀመሱትንም ሳይቀር መናገር አለባቸው። ይህ ጥያቄ ሚስት በሌለችበት ለባል፣ ባል በሌለበት ለሚስት ቢቀርብ መልሱ ወደ እውነት ይጠጋል።

ከኮልፌ ብዙ የማይርቀው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያ የሆነውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፈተ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አግዶ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከለከለ። በአንድ ዓመት የመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የማስታወቂያ እገዳው ግን ጀሪካኑን አይነካውም። የጠርሙስ ቢራ ማስታወቂያ ቢጠፋም አጠና ተራ ያለችው መለኪያ ማስታወቂያ ኖሯት አያውቅም።

ማቆሙ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። በየቀኑ ለዓመታት የጠጣ ሰው በአንድ ጀምበር ሲተው ሊታመም ይችላል። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አንዳንዱን የሚጥል በሽታ የመሰለ ነገር ይጥለዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቀባጥራል። ይህ ይገድላል። ቤተሰብ ጋኔን ነው ብሎ በር ዘግቶ እንዳያቆየው፤ ወዲያው ሆስፒታል መወሰድ ያለበት ሰው ነው። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከመተዉ በፊት ሐኪም ያማክር፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ቫይታሚን ቢ1 እና ማረጋጊያ መድኃኒት ተሰጥቶት በጥቂት ቀን የሚያልፍ ነው።

አብዛኛው ጠጪ ግን እዚያ ደረጃ አልደረሰም፤ ራሱ በፈቃዱ የሚያቆምበትም ወቅት አለው። ብዙ ወንዶች ለሁዳዴ መጠጥ ይተዋሉ። ሃምሳ አምስት ቀን ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ፣ ሚስትም ተስፋ ታደርጋለች፣ ለትንሣኤ የዘር ፈሳሽ ይመረመራል። ውጤቱ እንደ በፊቱ ነው። "ተውኩት፣ ምንም አልተለወጠም፣ እንግዲህ መጠጡ አይደለም" ይልና ጾሙ ሲፈታ ይመለስበታል። ሂሳቡ ግን የተሳሳተ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን 74 አይሞላም። በትንሣኤ የተመረመረው ስፐርም መፈጠር የጀመረው ከቅበላው በፊት፣ ጃምቦው ገና ሳይቆም ነበር። ያንኑ መተው በበዓለ ሃምሳ፣ ሠርግና ድግስ በሚበዛበት ጊዜ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ቢቀጥለው ከመቶ ቀን በላይ ይሆናል። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ሳምንት የሚሰጠው ናሙና የመጀመሪያው እውነተኛ ናሙናው ነው።